ዳሽቦርድ

«ዳሽቦርድ» ስንል ብዙዎቻችን የምናስበው ሾፌሩ ነዳጁንና ፍጥነቱን በአንድ እይታ የሚያነብበትን የመኪና ሰሌዳ ነው። በአነስተኛ ክሊኒክም ትርጉሙ ያው ነው፤ ኃላፊዋ ጠዋት አይታው የቀኑን ሥራ የምትወስንበት አንድ ገጽ። ውሳኔ የማያስከትል ቁጥር ቦታው ወርሃዊ ሪፖርቱ ውስጥ ነው።

ከግራፉ በፊት ግን የሚቆጠረው ነገር ይለይ። አንዲት እናት በወር ሦስት ጊዜ ብትመጣ ሦስት ጉብኝት ናት፣ አንድ ታካሚ። ሁለቱን በአንድ ስም የሚጠራ ገጽ ምንም ቢያምር ያሳስታል።

ከላይ በትልቁ ያለፈው ሳምንት ጉብኝት ይጻፍ፤ አጠገቡም የቀደሙት አራት ሳምንታት አማካይ። 140 ብቻውን ዝም ይላል። «140፤ አማካዩ 180» ሲሆን ግን ኃላፊዋ መንስኤውን መጠየቅ ትጀምራለች፦ በዓል ነበር? ባለሙያ ቀርቶ ነበር? መዝገቡ ሳይሞላ ቀርቶ ይሆን? ከሥሩ የ12 ሳምንታት የመስመር ግራፍ፣ ቀጥሎም አምስቱን ዋና የመምጫ ምክንያቶች የሚያሳይ የአግድም ባር ይበቃል። ቀይ ቀለም ለአንድ ነገር ብቻ ይቀመጥ፤ ቀጠሮ ኖሯቸው ላልመጡ።

በሳምንት ማለቴ በምክንያት ነው። በእኛ አቆጣጠር በወር የተሠራ ግራፍ ጳጉሜን ላይ ገደል ይገባል፤ ወሩ አምስት ወይም ስድስት ቀን ብቻ ነውና። ያላለቀ ሳምንትም እንዲሁ ስለሚያስደነግጥ፣ እስኪሞላ ድረስ መስመሩ ላይ አይግባ።