በቀይ እስክሪብቶ የሰረዝኳት +1

ትናንት ቤት ስናጸዳ ከአንድ አሮጌ ካርቶን ውስጥ የ2001 ዓ.ም. የሚድ ኤግዛም ወረቀቶች አገኘሁ። ባለቤቶቹ ሳይወስዷቸው የቀሩ ናቸው። አንዱን ገልጬ ሳነብ ደነገጥኩ፤ ተማሪዋ ትክክል ነበረች፣ ማርክ የቀነስኩባት እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። ስሟን አልጠራም፣ ግን ይህን ገጽ እንደምትከታተል አውቃለሁ።

ጥያቄው እንዲህ ነበር፦ n ሲሰጣችሁ፣ በራሱ ሲባዛ ከ n የማይበልጠውን ትልቁን ሙሉ ቁጥር በባይነሪ ሰርች ፈልጉ። የሷ መልስ ይኸው፦

```
lo = 0; hi = n;
while (lo < hi) {
    mid = (lo + hi + 1) / 2;
    if (mid * mid <= n) lo = mid;
    else hi = mid - 1;
}
```

እኔ ደግሞ `+ 1` የምትለዋን በቀይ ሰርዤ፣ ጎኗ ላይ «ይህ ከየት መጣ?» ብዬ ጽፌ፣ ሦስት ማርክ ቀንሻለሁ።

ከየት እንደመጣች ልንገራችሁ፤ ታሪኳ ረጅም ነው። ባይነሪ ሰርችን መጀመሪያ በጽሑፍ ያነሳው ጆን ሞክሊ ነው፣ ኤኒያክን ከሠሩት ሁለቱ ዋና ሰዎች አንዱ። ጊዜው እ.ኤ.አ. 1946 ነው፣ በፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ሙር ስኩል በተሰጡት ትምህርቶች ላይ። ሐሳቡን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ መሐሉን አይተህ ግማሹን ትጥላለህ። ዶናልድ ክኑዝ ታሪኩን ሲጽፍ እንዳስተዋለው ግን፣ በ1950ዎቹ ዘዴው በሰፊው ቢታወቅም ዝርዝሩ የተሠራው እንደ 7፣ 15፣ 31 ላሉ ብዛቶች ብቻ ነበር። ለምን? ሰባት ነገር ካለህ አራተኛው መሐል ነው፣ በግራ ሦስት በቀኝ ሦስት ይቀራል፤ ሦስቱም እንደገና መሐል አላቸው። ስምንት ሲሆን ግን መሐል የሚባል የለም። ወደ ታች ይጠጋጋ ወይስ ወደ ላይ? ለማንኛውም ብዛት የሚሠራው ታትሞ የወጣው በ1960 በዲ. ኤች. ሌህመር ነው። አሥራ አራት ዓመት መሆኑ ነው፣ አንድ ገጽ ለማትሞላ ነገር!

ከሁለት ዓመት በኋላ ሄርማን ቦተንብሩክ ስለ አልጎል 60 ቋንቋ በጻፈው ጽሑፍ ውስጥ ሌላ መልክ አመጣ። በየዙሩ «አገኘሁት ወይ?» ብሎ አይጠይቅም። የሚጠይቀው «እዚህ ድረስ ደህና ነው ወይ?» ብቻ ነው፤ ደህና ከሆነ `lo`ን ወደ መሐሉ ያመጣል፣ እኩል መሆኑን የሚያየው ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው። ይህን ሲያደርግ ደግሞ መሐሉን ወደ ላይ ነው ያጠጋጋው። ያቺ `+ 1` ይቺው ናት።

ብትሰረዝ ምን ይሆናል? n = 10 እንበል። `lo` 0፣ `hi` 10። መሐሉ 5፣ 25 ይበልጣል፣ `hi` 4 ይሆናል። መሐሉ 2፣ ያዋጣል፣ `lo` 2። መሐሉ 3፣ ዘጠኝ ከአሥር አይበልጥም፣ `lo` 3። አሁን `lo` 3 `hi` 4 ነው። ድምሩ 7፣ ለሁለት ሲካፈል ወደ ታች 3። ያዋጣል፣ `lo` 3። እንደገና 3። እንደገና 3... ፕሮግራሙ እስኪመሽ ይሽከረከራል። በሷ አጻጻፍ ግን መሐሉ 4 ይሆናል፣ 16 ይበልጣል፣ `hi` ወደ 3 ይወርዳል፣ አለቀ። ሕጉ ከዚህ ይወጣል፦ ሁለት ነገር ብቻ ሲቀር ክልሉ መጥበቡን እይ። `lo = mid` ካልክ መሐሉ ወደ ላይ፣ `hi = mid` ካልክ ወደ ታች።

ታዲያ ያኔ እኔ ሳልሞክር ነው የሰረዝኩት? ሞክሬያለሁ፣ ወረቀቱ ጠርዝ ላይ በ n = 4 አስልቼ አለ። በ4 ያለ `+ 1`ም ይሠራል፤ የመጨረሻው መሐል 3 ሆኖ አያዋጣምና ሉፑ ይዘጋል። አንድ ቁጥር አይቼ ፈረድኩ።

ብቻዬን እንዳልሆንኩ ለመጽናናት ያህል፣ ጆን ቤንትሊ ይህንኑ ጥያቄ ለባለሙያ ፕሮግራመሮች ሰጥቶ፣ ጊዜ ተሰጥቷቸው ከመቶ ዘጠናው ገደማ እንደተሳሳቱ ጽፏል። ራሱ ትክክለኛነቱን በማስረጃ ያሳየው ኮድም የተደበቀ ችግር ነበረበት። ጆሹዋ ብሎክ በ2006 እንደተናዘዘው፣ ለጃቫ የጻፈውም ያንኑ ችግር ይዞ ዘጠኝ ዓመት ገደማ ቆይቷል። ችግሩ `(low + high) / 2` ነው። የጃቫ `int` ከ2147483647 አያልፍም። 1500000000 እና 1600000000 ሲደመሩ ሞልቶ ይገለበጥና መሐሉ -597483648 ሆኖ ይወጣል። በ1946 ያን የሚያህል አሬይ ማን ነበረው? መድኃኒቱ `low + (high - low) / 2` ነው። (የተማሪዬም `mid * mid` ከ46340 በላይ ሲሄድ እንዲሁ ይሞላል። እሱን ግን እኔም አላየሁት፣ ማርክም አልቀነስኩበት!)

አሁን ልብ በሉ፣ ፈተናው ውስጥ አሬይ የለም። የምንፈልገው በመልሱ ላይ ነው። ይህ የሚቻለው መልሶቹ በሙሉ «አዎ አዎ አዎ» ብለው አንዴ «አይ» ካሉ በኋላ የማይመለሱ ከሆነ ነው፣ ወይም በተገላቢጦሽ። ባለፈው ወር አንድ ሌላ የድሮ ተማሪዬ «ቲቸር፣ ኮዴ አበደ» ብሎ የላከልኝ እዚህ ላይ ነው። 4፣ 7፣ 3፣ 6፣ 5 ኩንታል የሚመዝኑ ጭነቶች በቅደም ተከተላቸው በሦስት ጉዞ ይሄዱ፣ ትንሹ የሚበቃ መኪና ስንት ኩንታል ይጫን? መልሱ 11 ነው፦ 4 እና 7፣ 3 እና 6፣ ከዚያ 5። የሱ ፕሮግራም ግን 25 አለው፣ ሁሉንም ባንዴ የሚያነሳ መኪና።

ፍለጋው ከ7 እስከ 25 ነው። የመጀመሪያው መሐል 16፤ በ16 ሁለት ጉዞ ይበቃል። እሱ የጻፈው ግን «በትክክል ሦስት ጉዞ ነው ወይ?» ብሎ ነው። ሁለት ሦስት ስላልሆነ «አይ» አለ፣ ክልሉ ወደ ላይ ሸሸ፣ 21፣ 23፣ 24 ሁሉም «አይ»፣ መጨረሻ 25። «በትክክል» ሲባል መልሱ በ9 አይ፣ በ11 አዎ፣ በ16 ደግሞ አይ ነው፤ ተመልሶ ይገለበጣል። `==` የነበረውን `<=` አድርጎ 11 አገኘ።

ሌላው ወጥመድ ታችኛው ጫፍ ነው። ከ7 ሳይሆን ከ0 ጀምሮ አምስት ጉዞ ቢፈቀድ፣ የሱ ቆጣሪ በ4 ኩንታል መኪና አምስት ጉዞ ይቆጥርና ደህና ነው ይላል። ሰባት ኩንታሉን ማን ይጭነዋል? ቆጣሪው አዲስ ጉዞ መጀመሩን እንጂ ጭነቱ መኪናው ላይ መግባቱን አይጠይቅም።

እህቴ፣ ወረቀትሽ እኔ ጋር ነው። ሦስቱን ማርክ ዛሬ ጨምሬ ፈርሜበታለሁ፤ ከ30 27 ነበርሽ፣ አሁን 30 ነሽ። አድራሻሽን በውስጥ መስመር ላኪልኝ።