ድረ ገጽ ሳይከፈት ሲቀር፦ የብሮውዘር የስሕተት መልእክቶችን ለይቶ ማንበብ

አንድ ድረ ገጽ ሳይከፈት ሲቀር ብሮውዘሩ ያልተሳካውን ነገር በአጭር ዐረፍተ ነገርና በአንድ የስሕተት ኮድ ይገልጻል። በክሮም ብሮውዘር ላይ በትልቁ የሚታየው ርዕስ በብዙ የተለያዩ ችግሮች ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ ትርጉሙም «ይህን ድረ ገጽ ማግኘት አልተቻለም» እንደ ማለት ነው። መንስኤውን የሚያመለክተው ከርዕሱ ሥር ያለው መስመርና በላቲን ትልልቅ ፊደላት የተጻፈው ኮድ ነው። ብሮውዘሩ በአማርኛ እንዲሠራ የተስተካከለ ቢሆንም ኮዱ አይለወጥም።

ይህ ጽሑፍ በብዛት የሚያጋጥሙና እርስ በርስ የሚምታቱ ሦስት ስሕተቶችን ያብራራል። እነርሱም የስም አለመገኘት፣ የመጠበቂያ ጊዜ ማለፍ እና የግንኙነት ውድቅ መደረግ ናቸው።

ጥያቄው የሚያልፍባቸው ደረጃዎች

ተጠቃሚው የድረ ገጹን ስም ሲጽፍ ብሮውዘሩ በመጀመሪያ ዲኤንኤስ የተባለውን የስም ማውጫ አገልግሎት ጠይቆ የሰርቨሩን አይፒ አድራሻ ያገኛል። ቀጥሎ ወደዚያ አድራሻ የግንኙነት ጥያቄ ይልካል። በመጨረሻም ሰርቨሩ ጥያቄውን ሲቀበል ገጹ መምጣት ይጀምራል።

ይህም አንድ ባለጉዳይ ወደማያውቀው መሥሪያ ቤት ሲሄድ ከሚያጋጥመው ጋር ይመሳሰላል። አቅጣጫ ሲጠይቅ «በዚህ ስም የሚታወቅ መሥሪያ ቤት የለም» ሊባል ይችላል። ቦታውን ካወቀ በኋላ መንገድ ተዘግቶበት ወይም በሩን አንኳኩቶ መልስ የሚሰጠው ሊያጣ ይችላል። ወይም ደግሞ ጥበቃው ወዲያውኑ «አገልግሎት የለም» ብሎ ሊመልሰው ይችላል። ሦስቱ ስሕተቶች ጥያቄው የት ደርሶ እንደቆመ የሚናገሩት በዚሁ ቅደም ተከተል ነው።

1. የስም አለመገኘት

```
DNS_PROBE_FINISHED_NXDOMAIN
```

ይህ ኮድ የስም ማውጫው «እንዲህ ያለ ስም የለም» ብሎ መመለሱን ያሳያል። ብሮውዘሩ የሚሄድበትን አድራሻ ስላላገኘ ጥያቄው ወደ ሰርቨሩ ጭራሽ አልተላከም። ስለዚህ ከዚህ መልእክት በመነሣት «ሰርቨሩ ተበላሽቷል» ብሎ መደምደም አይቻልም። ዋነኛው መንስኤ የፊደል ስሕተት ነው። የስሙ ምዝገባ ጊዜው ማለፉ ወይም አዲስ ስም በሁሉም የስም ማውጫዎች ገና አለመታወቁም ተመሳሳይ ውጤት ያስከትላል።

ERR_NAME_NOT_RESOLVED የሚለው ኮድም የስም ችግርን ያመለክታል፤ ነገር ግን ስሙ አለመኖሩን በእርግጠኝነት አይናገርም። ሌሎች ድረ ገጾችም በተመሳሳይ የስም ስሕተት የማይከፈቱ ከሆነ፣ ችግሩ ያለው በተጠቃሚው ኮምፒውተር ወይም ኔትወርክ የዲኤንኤስ አገልግሎት ላይ ሊሆን ይችላል።

2. የመጠበቂያ ጊዜ ማለፍ

```
ERR_CONNECTION_TIMED_OUT
```

በዚህ ጊዜ ስሙ ተገኝቶ ጥያቄው ተልኳል፤ ይሁንና ምንም መልስ አልመጣም። ኮምፒውተሩ ጥያቄውን ደጋግሞ ከላከ በኋላ ተስፋ ቆርጧል። ስለሆነም መልእክቱ የሚታየው ከረጅም ጥበቃ በኋላ ነው፤ እንደ ኮምፒውተሩ ዓይነትና እንደ ብሮውዘሩ ከሃያ ሰከንድ ገደማ እስከ ሁለት ደቂቃ ሊወስድ ይችላል።

ከሦስቱ ይበልጥ አሻሚው ይህ ስሕተት ነው። ዝምታው የመጣው ሰርቨሩ ጠፍቶ፣ በመካከል ያለው መስመር ተቋርጦ፣ ወይም አንድ ፋየርዎል ጥያቄውን ያለ መልስ ጥሎት ሊሆን ይችላል። ከመልእክቱ ብቻ እነዚህን መለየት አይቻልም፤ የሚለያቸው ያንኑ ድረ ገጽ በሌላ መስመር መሞከር ነው።

3. የግንኙነት ውድቅ መደረግ

```
ERR_CONNECTION_REFUSED
```

ይህ ስሕተት ቃሉ ከባድ ቢመስልም ከዝምታ ይልቅ ብዙ መረጃ ይሰጣል። ጥያቄው ደርሶ «አልቀበልም» የሚል መልስ መጥቷል። አብዛኛውን ጊዜ ትርጉሙ ኮምፒውተሩ እየሠራ፣ ድረ ገጹን የሚያቀርበው ፕሮግራም ግን መቆሙ ነው። መልሱ በአንድ ወይም በሁለት ሰከንድ ውስጥ ስለሚመጣ ከመጠበቂያ ጊዜ ማለፍ በፍጥነቱም ይለያል።

መልእክቱ ተጠቃሚው መከልከሉን ወይም አካውንቱ መታገዱን አያሳይም። የይለፍ ቃል የሚጠየቀው ግንኙነቱ ከተፈጠረ በኋላ በመሆኑ፣ በዚህ ደረጃ ሰርቨሩ የተጠቃሚውን ማንነት ገና አላወቀም።

በምሳሌ ሲታይ

አንድ የሂሳብ ሠራተኛ በማመልከቻ የመጨረሻ ቀን portal.example በሚል ስም የሚጠራ አገልግሎት ሊከፍት ይሞክራል እንበል። ጠዋት ወዲያውኑ DNS_PROBE_FINISHED_NXDOMAIN የሚል ኮድ ይመጣል። ሠራተኛው የአድራሻውን መስመር ሲያይ potral ብሎ መጻፉን ያስተውልና ያርማል።

ስሙ ከታረመ በኋላ ገጹ ለረጅም ጊዜ ቆይቶ ERR_CONNECTION_TIMED_OUT ይላል። ሌሎች ድረ ገጾች ይከፈታሉ። ሠራተኛው የስልኩን ዋይፋይ አጥፍቶ በሞባይል ዳታ ሲሞክር ፖርታሉ ይከፈታል። ሰርቨሩ እየሠራ ስለሆነ ችግሩ በመሥሪያ ቤቱ ፋየርዎል ወይም መስመር በኩል ነው፤ ሊነገረው የሚገባውም የመሥሪያ ቤቱ የአይሲቲ ባለሙያ ነው።

ከሰዓት በኋላ በስልኩም በቢሮውም ERR_CONNECTION_REFUSED ወዲያውኑ ይመጣል። ሁለት የተለያዩ መስመሮች አንድ ዓይነት ፈጣን መልስ ስለሰጡ ችግሩ በአገልግሎት ሰጪው በኩል ነው ማለት ይቻላል። ኮምፒውተሩን ማጥፋትና ማብራት ወይም ብሮውዘር መለወጥ አይጠቅምም። የሚጠቅመው ሰዓቱ የሚታይበትን የገጽ ምስል አስቀምጦ ለአገልግሎት ሰጪው ማሳወቅ ነው፤ ቀነ ገደቡ ካለፈም ሙከራው በጊዜው መደረጉን ያስረዳል።

በትእዛዝ ማረጋገጥ

በዊንዶውስ ፓወርሼል ውስጥ የሚከተሉት ሁለት ትእዛዞች ደረጃዎቹን ለየብቻ ይፈትሻሉ።

```
nslookup portal.example
Test-NetConnection portal.example -Port 443
```

የመጀመሪያው የስም ማውጫውን ብቻ ይጠይቃል። ሁለተኛው የ https ድረ ገጾች በሚጠቀሙበት 443 ፖርት ግንኙነት ለመፍጠር ይሞክራል፤ ከተሳካ TcpTestSucceeded በሚለው አንጻር True ይታያል። ፒንግ አለመመለሱ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ብዙ ሰርቨሮች እየሠሩ ለፒንግ መልስ እንዳይሰጡ ተደርገው የተዘጋጁ ናቸውና።

ጥንቃቄ የሚሹ ሁኔታዎች

ውድቅ የማድረጉ መልስ ሁልጊዜ ከሰርቨሩ አይመጣም። አንዳንድ ፋየርዎሎች ጥያቄውን ጥለው ዝም ከማለት ይልቅ በሰርቨሩ ፈንታ እምቢታ ይመልሳሉ። አንዳንድ የማገጃ ሥርዓቶች ደግሞ የድረ ገጹን ስም 127.0.0.1 ወደሚለው፣ ማለትም ወደ ተጠቃሚው ኮምፒውተር ራሱ ያዞሩታል፤ ያን ጊዜ እምቢ የሚለው የራሱ ኮምፒውተር ነው። nslookup ይህን አድራሻ ካሳየ ችግሩ ከሰርቨሩ አይደለም።

እንደ 404፣ 503 ወይም 504 ያሉ ቁጥሮች የታዩ እንደሆነ ግን ጥያቄው ሦስቱንም ደረጃዎች አልፏል። 504 የመጠበቂያ ጊዜ ማለፍን ቢናገርም፣ የዘገየው ከሰርቨሩ ጀርባ ያለ ሌላ አገልግሎት ነው፤ የተጠቃሚው ግንኙነት ደኅና ነው።

ለድጋፍ ሰጪ ክፍል ችግር ሲገለጽ የኮዱ ሙሉ ጽሑፍ፣ በአድራሻው መስመር የተጻፈው ስም፣ ሰዓቱ፣ መልእክቱ እስኪመጣ የወሰደው ጊዜ እና በሌላ መስመር ሲሞከር የታየው ውጤት መካተት ይኖርባቸዋል።