ያገለገሉ መርፌዎችን በቤት ውስጥ ማስወገድ

በኢትዮጵያ ጤና ጣቢያዎች ያገለገለ መርፌ የሚጣለው «ሴፍቲ ቦክስ» በሚባል የካርቶን ሣጥን ነው። እንደ ቡልቡላ ባለ የስምጥ ሸለቆ ከተማ ኢንሱሊን ቤቱ የሚወጋ የስኳር ሕመምተኛ ግን ሣጥኑ ላይኖረው ይችላል። ጥሩው ምትክ ክዳኑ የሚጠብቅ የበረኪና ዕቃ ነው፤ ሃይላንድ ስስ ስለሆነ በመርፌ ይበሳል። መርፌው ክዳኑ ሳይመለስለት፣ ከነስሪንጁ፣ ጫፉ ወደ ታች ሆኖ ወዲያው ይገባል፤ ክዳን ሲመልሱ ጣትን መውጋት የተለመደ አደጋ ነውና። ዕቃው ሦስት አራተኛው ሲሞላ በፕላስተር ታሽጎ «መርፌ አለበት» ተብሎ ይጻፍበታል፤ ከዚያም ጤና ጣቢያው እንደሚቀበል ተጠይቆ ይወሰዳል። ባዶ ፕላስቲክ የሚገዛ ቆራሌ እጁን እንዳይወጋ ዕቃው አይሸጥለትም፣ ሽንት ቤትም አይጣልም። ቤት ውስጥ ማቃጠል ፕላስቲኩን ያቀልጣል እንጂ የመርፌውን ስለት አያጠፋም። በሌላ ሰው መርፌ የተወጋ ቦታውን በውሃና በሳሙና ታጥቦ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ይሄዳል፤ የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት የሚጀመረው በ72 ሰዓት ውስጥ ነው።