የኤሌክትሪክ እና የቤንዚን ሞተር ሳይክል፦ አንድ ኪሎ ሜትር ስንት ያስወጣል?

በኬንያ መዲና ናይሮቢ ተሳፋሪ የሚያመላልሱ የቦዳ ቦዳ አሽከርካሪዎች የዕለት ገቢያቸውን የሚበላው ዋነኛ ወጪ ነዳጅ ነው። በከተማዋ የባትሪ መለወጫ ጣቢያዎች ከተከፈቱ ወዲህ ግን ብዙዎች ሌላ አማራጭ አግኝተዋል። የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክል በእርግጥ ምን ያህል ወጪ ይቀንሳል የሚለው ጥያቄ የሚመለሰው ባትሪው በስሌቱ ውስጥ ሲገባ ነው።

ለማሳያ በቀን 120 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ አሽከርካሪን እንውሰድ። ሞተር ሳይክሉ በአንድ ሊትር ቤንዚን 40 ኪሎ ሜትር ቢሄድና የሊትሩ ዋጋ 180 ሽልንግ ቢሆን፣ አንዱ ኪሎ ሜትር 4.50 ሽልንግ ነዳጅ ይፈጃል። የሞተር ዘይት በየ2,000 ኪሎ ሜትሩ በ600 ሽልንግ ቢቀየር 0.30 ሽልንግ ይጨመራል። ድምሩ 4.80 ሽልንግ፣ በቀን ደግሞ 576 ሽልንግ ይሆናል።

የኤሌክትሪኩ ሞተር ሳይክል ዘይት አይቀየርለትም። ባትሪ ሲሞላ የሚባክነው ኃይል ተጨምሮ ለአንድ ኪሎ ሜትር 0.04 ኪሎ ዋት ሰዓት ቢፈጅና የአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋ 25 ሽልንግ ቢሆን፣ የኪሎ ሜትሩ የመብራት ወጪ 1 ሽልንግ ብቻ ነው።

ሆኖም ባትሪ ያረጃል። ዋጋው 98,000 ሽልንግ የሆነ ባትሪ 1,000 ጊዜ ተሞልቶ በእያንዳንዱ ሙሌት 70 ኪሎ ሜትር ቢያስኬድ፣ በዕድሜው ሙሉ 70,000 ኪሎ ሜትር ያገለግላል። ይህም በኪሎ ሜትር 1.40 ሽልንግ ነው። ስለዚህ ትክክለኛው ወጪ 1 ሳይሆን 2.40 ሽልንግ፣ በቀን 288 ሽልንግ ይሆናል። ይህ የቤንዚኑ ግማሽ ነው።

ባትሪ የሚከራይ አሽከርካሪ ስሌቱ ይለያል፤ የመብራቱም የእርጅናውም ዋጋ በአንድ የመለወጫ ክፍያ ውስጥ ተካቷል። ክፍያው 200 ሽልንግ ሆኖ ባትሪው 70 ኪሎ ሜትር ካስኬደ፣ ኪሎ ሜትሩ 2.86 ሽልንግ ገደማ ያስወጣል። ያው ባትሪ በ50 ኪሎ ሜትር ካለቀ ግን ወጪው 4 ሽልንግ ይደርሳል፤ ከ42 ኪሎ ሜትር በታች ካስኬደ ደግሞ ቤንዚኑ ይረክሳል። ዳገት፣ ከባድ ጭነት፣ ፍጥነት፣ አየሩ የጎደለ ጎማና ያረጀ ባትሪ ርቀቱን ያሳጥራሉ።

በመሆኑም አሽከርካሪው በማስታወቂያ በሚነገረው ርቀት ሳይሆን በራሱ መዝገብ ማስላት ይኖርበታል። ባትሪ በለወጠ ቁጥር የርቀት መቁጠሪያውን ንባብና የከፈለውን ገንዘብ ይጽፋል። ከሳምንት በኋላ ጠቅላላ ክፍያውን ለተጓዘው ርቀት ያካፍላል። ወደ መለወጫ ጣቢያው ያለ ተሳፋሪ የሚደረገው ጉዞም ገቢ ስለማያስገኝ ከርቀቱ መቀነስ አለበት። የቤንዚኑንም እንዲሁ ነዳጅ በሞላ ቁጥር ሊትሩን፣ የከፈለውንና ርቀቱን መዝግቦ ሁለቱን ማነጻጸር ይችላል።

ይህ ስሌት የሞተር ሳይክሎቹን መግዣ ዋጋ፣ መድንና የጎማ ወጪን አይጨምርም።