ከቁጥሩ ጎን የምትታተመው ፊደል፦ የደም ምርመራ ውጤት ከቶጎጫሌ እስከ ጅጅጋ እንዴት ይነበባል?

ሲቢሲ በሚባለው የደም ሴሎች ቆጠራ ወረቀት ላይ ከአንዳንዱ ቁጥር ጎን H ወይም L ይታተማል። H ከፍ ማለቱን፣ L ዝቅ ማለቱን ያሳያል። ወረቀቱን የተቀበለ ታካሚ ከቁጥሩ ይልቅ ቀድሞ የሚያየው ፊደሏን ነው፤ ሁለት ሦስት L ካየም በሽታ እንደተገኘበት ቆጥሮ ይደነግጣል። ማሽኑ ግን በሽታ አይለይም። የቆጠረውን ከተሞላለት ክልል ጋር ያስተያያል፤ ከክልሉ ሲወጣ ፊደሏን ያትማል። ስለዚህ የወረቀቱ ንባብ መጀመር ያለበት ክልሉ የተወሰደው ከማን ደም ነው ከሚለው ጥያቄ ነው።

የማመሳከሪያ ክልል የሚሠራው ቢያንስ 120 ጤነኛ ሰዎችን መርምሮ፣ ውጤታቸውን በቅደም ተከተል ደርድሮ፣ መካከለኛውን 95 በመቶ በመያዝ ነው። በእያንዳንዱ ጫፍ የሚቀሩት 2.5 በመቶ ሰዎች ጤነኞች ናቸው፤ ሆኖም ፊደል ይወጣባቸዋል። አንዱ በሌላው ላይ የማይመሠረቱ 20 ምርመራዎች የተደረጉለት ፍጹም ጤነኛ ሰው ቢያንስ አንዱ ምልክት ተደርጎበት የመውጣት ዕድሉ 64 በመቶ ገደማ ነው። ከክልሉ በጥቂቱ የወጣ ብቸኛ ቁጥር ብዙ ጊዜ ሕክምና ሳይሆን ድጋሚ ምርመራ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ችግር ክልሉ ብዙ ጊዜ ከሌላ አገር ሕዝብ የተወሰደ መሆኑ ነው። የኢትዮጵያና ኔዘርላንድስ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት ተመራማሪዎች በ1999 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ኤችአይቪ የሌለባቸው ኢትዮጵያውያን የሲዲ4 ሴል አማካይ በማይክሮ ሊትር 775 ሆኖ ተገኘ፤ የኔዘርላንድሳውያኑ 993 ነበር። ሁለቱም ቡድኖች ጤነኞች ናቸው፤ መነሻቸው ግን ይለያያል።

ይህ በተግባር ምን ማለት እንደሆነ ለማየት አንድ ምናባዊ ታካሚ እንውሰድ። ቶጎጫሌ ውስጥ ልብስ የምትነግድ፣ ነፍሰ ጡር ያልሆነች የ28 ዓመት ሴት ናት። ድካምና ማዞር አስቸግሯት ጅጅጋ ትመረመራለች። ወረቀቷ እንዲህ ይላል፦ HGB 10.3 (L)፣ MCV 72 (L)፣ RDW 17.5 (H)፣ RBC 4.3፣ PLT 455 (H)፣ WBC 3.6 (L)፣ የኒውትሮፊል ቁጥር 1.3 (L)። ፊደሎቹን ብቻ የሚቆጥር ሰው ስድስት በሽታ ያያል። አንድ ላይ አድርጎ የሚያነብ ግን አንድ ችግርና አንድ ምናልባት ያያል።

ችግሩ ያለው በቀይ ሴሎቹ በኩል ነው። ሄሞግሎቢኗ ዝቅ ብሏል፤ ስለዚህ ደም ማነስ አለባት። MCV የቀይ ሴሎቹ አማካይ መጠን ነው፤ ብዙ ላቦራቶሪዎች ከ80 እስከ 100 ያለውን ልከኛ ይሉታል፤ 72 ሴሎቹ ማነሳቸውን ይናገራል። RDW ደግሞ የሴሎቹን መጠን አለመመሳሰል ይለካል። የብረት ክምችት እያለቀ ሲሄድ መቅኔ በየጊዜው እያነሱ የሚሄዱ ሴሎችን ያመርታል፤ አሮጌዎቹና አዲሶቹ በደም ውስጥ ስለሚደባለቁ RDW ይጨምራል። የፕሌትሌት ቁጥር ከፍ ማለትም ከብረት እጥረት ጋር ብዙ ጊዜ አብሮ ይታያል። አራቱ ምልክቶች የሚጠቁሙት አንድ ምክንያት ነው።

ትናንሽ ቀይ ሴሎችን የሚያመጣ ሌላም አለ፤ ታላሴሚያ የሚባለው በዘር የሚተላለፍ የሄሞግሎቢን ችግር። ሐኪሞች ለመጀመሪያ ማጣሪያ MCVን በRBC ያካፍላሉ። ውጤቱ ከ13 በላይ ከሆነ ወደ ብረት እጥረት፣ ከ13 በታች ከሆነ ወደ ታላሴሚያ ያዘነብላል። የእሷ 72 ለ4.3 ሲካፈል 16.7 ገደማ ነው። ይህ ግን ጥቆማ እንጂ ማረጋገጫ አይደለም።

የሚያረጋግጠው ፌሪቲን ነው። በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ኢንፌክሽን በሌለበት አዋቂ በሊትር ከ15 ማይክሮ ግራም በታች የሆነ ፌሪቲን የብረት ክምችት መሟጠጡን ያሳያል። ኢንፌክሽን ወይም ሌላ ብግነት ካለ ፌሪቲን በራሱ ስለሚጨምር ወለሉ ወደ 70 ይነሳል። ስለዚህ በትኩሳት መካከል የተወሰደ 40 እጥረት የለም ለማለት አያስችልም።

እዚህ ላይ ከፍታም ይገባል። ጅጅጋ ከባሕር ወለል ከ1,600 ሜትር በላይ ላይ ናት። የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ከ1,500 እስከ 1,999 ሜትር ለሚኖር ሰው በደም ማነስ መለያው ላይ 1.1 እንዲጨመር ይላል። ነፍሰ ጡር ያልሆነች ሴት መለያ 12.0 መሆኑ ቀርቶ 13.1 ይሆናል። ለ10.3 ልዩነት አያመጣም፤ 12.4 ላላት ሴት ግን ፊደል ባይወጣባትም ደም ማነስ ሊሆን ይችላል። ማስተካከያው ለሁሉም እኩል ይሠራል ማለት ግን አይደለም። ሲንቲያ ቢል የተባሉ አንትሮፖሎጂስትና ባልደረቦቻቸው በ2002 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ሄሞግሎቢን በባሕር ወለል ካሉ ሰዎች ጋር የሚቀራረብ ሆኖ ተገኝቷል።

ምናልባቱ በነጭ ሴሎቹ በኩል ነው። ኒውትሮፊል ባክቴሪያን የሚዋጋ ሴል ነው፤ ወለሉን ብዙ ማሽኖች 1.5 ወይም 2.0 ላይ ያስቀምጣሉ። በአፍሪካና በመካከለኛው ምሥራቅ ብዙ ጤነኛ ሰዎች ግን ከዚያ በታች ናቸው። ዴቪድ ራይክና ባልደረቦቻቸው በ2009 እ.ኤ.አ. ይህን ልዩነት ዳፊ ከሚባለው የደም ዓይነት ጋር ከተያያዘ ጂን ጋር አገናኙት። ጂኑን ከሁለቱም ወላጆች የወረሰ ሰው በቀይ ሴሎቹ ላይ ዳፊ የለውም፤ በደሙ ውስጥ የሚዘዋወረው ኒውትሮፊልም ያንሳል። በኢንፌክሽን በተደጋጋሚ የመጠቃት ዕድሉ ግን አይጨምርም።

ስለዚህ 1.3 ሲታይ የመጀመሪያው ሥራ የድሮ ወረቀት መፈለግ ነው። ቁጥሩ ከዓመታት በፊትም በዚያው አካባቢ ከነበረ፣ ታካሚዋ በተደጋጋሚ የማትታመም፣ አፏ የማይቆስል ከሆነ የራሷ መነሻ ሊሆን ይችላል። ካለፈው ወርዶ ከተገኘ፣ አዲስ መድኃኒት ከጀመረች፣ ክብደት ከቀነሰች ወይም ፕሌትሌቷም አብሮ ከወረደ ግን የኤችአይቪ ምርመራና የደም ስላይድ በማይክሮስኮፕ ማየት ይከተላል። ከ0.5 በታች ሆኖ ትኩሳት ካለ ቀጠሮ የማይሰጠው አደጋ ነው።

የተሳሳተ ወረቀትም አለ። ለሲቢሲ ደም የሚወሰደው ሐምራዊ ክዳን ባለው ቱቦ ሲሆን ውስጡ ኢዲቲኤ የተባለ የደም መርጋትን የሚከለክል ንጥረ ነገር አለ። ቱቦው ወዲያው በቀስታ ካልተገለባበጠ ትንሽ የደም ጓል ይፈጠራል፤ ፕሌትሌቶቹ እዚያ ተይዘው ስለሚቀሩ ቁጥራቸው ከእውነቱ አንሶ ይወጣል። ሳይደማ፣ ሳይበልዝ ፕሌትሌቱ 40 የወጣ ሰው መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት ቱቦው ይታያል፣ ደሙም እንደገና ይቀዳል።

ታካሚዋ የሁለት ላቦራቶሪ ወረቀት ይዛ ከሆነ፣ ለምሳሌ አንዱ ከሐርጌሳ ሌላው ከጅጅጋ፣ ከቁጥሩ በፊት መለኪያው ይነበባል። ግሉኮስ 5.5 ሚሊ ሞል በሊትርና 99 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር አንድ ናቸው። ክሪያቲኒን 88 ማይክሮ ሞልም ከ1.0 ሚሊ ግራም ጋር እኩል ነው፤ መለኪያውን ያላየ ሰው ኩላሊቷ ደከመ ብሎ ሊያስብ ይችላል።

ለነጋዴዋ ፌሪቲን 8 ሆኖ ቢገኝ የብረት ኪኒን ይታዘዝላታል፤ ሻይም ከኪኒኑና ከምግቡ ጋር እንዳትጠጣ ይነገራታል፤ ምክንያቱም ሻይ ብረት ወደ ደም እንዳይገባ ይቀንሳል። ከአራት ሳምንት በኋላ ሄሞግሎቢኗ ቢያንስ በ1 ካልጨመረ ወይ ኪኒኑን አልዋጠችም፣ ወይ ብረቱ አልገባም፣ ወይም ደም እየፈሰሳት ነው፤ የወር አበባዋ ብዛትና የሰገራ ምርመራ ይጠየቃሉ። ከጨመረም ክምችቱ እንዲሞላ ኪኒኑ ለሦስት ወር ያህል ይቀጥላል። ኒውትሮፊሏ በሁለተኛውም ወረቀት 1.3 አካባቢ ከሆነ ሐኪሙ በካርዷ ላይ የራሷ መነሻ ብሎ ይጽፈዋል፤ ሌላ ጊዜ L ሲወጣባት የሚነጻጸረውም ከዚያ ጋር ይሆናል።