ማውጫ እና ሞክሼ ፊደላት

ለምሳሌ ያህል፣ በደብረ ታቦር ዙሪያ ያሉ የገጠር መሬት ባለይዞታዎች አንድ ሚሊዮን ረድፍ ባለው ሰንጠረዥ ተመዝግበዋል እንበል። ማውጫ ከሌለው ኮምፒዩተሩ «ፀሐይ»ን ለማግኘት ረድፎቹን ሁሉ ያነባል። ሩዶልፍ ባየር እና ኤድዋርድ ማክራይት በ1970 እ.ኤ.አ. በቦይንግ ሲሠሩ ያቀረቡት ቢ-ትሪ ግን ስሞቹን በቅደም ተከተል፣ ከየረድፋቸው አድራሻ ጋር፣ በገጾች ያደራጃል። እያንዳንዱ ገጽ ወደ መቶ ቢከፈል ሦስት ገጽ ማንበብ ይበቃል፤ መቶ በመቶ ሲባዛ፣ ውጤቱም በመቶ ሲባዛ ሚሊዮን ነውና። ዋጋው አዲስ ረድፍ በገባ ቁጥር ማውጫውንም ማደስ ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ፍጥነቱ አይደለም። በግእዝ የተለያየ ድምፅ የነበራቸው ጸ እና ፀ በአማርኛ አንድ ሆነዋል፤ በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ፊደላችንን ሲቀበል ግን፣ በትክክልም፣ ለየብቻ ቁጥር ሰጣቸው፦ U+1338 እና U+1340። ማውጫው የሚያውቀው ቁጥሩን እንጂ ድምፁን አይደለም። ስለዚህ ጸሐፊው «ጸሐይ» ብሎ ከመዘገባት፣ «ፀሐይ» ብሎ የሚፈልጋት ሰው በቅጽበት «የለም» ይባላል። ስሕተቱ የሚታወቀው በይዞታዋ ቁጥር ስትፈለግ ስትገኝ ነው።

እኔ የምመርጠው ሞክሼዎቹ ወደ አንድ ፊደል የተመለሱበት ሁለተኛ ዓምድ ጨምሮ ማውጫውን በእርሱ ላይ መሥራት ነው። የሚፈለገውም ስም አስቀድሞ እንዲሁ ይለወጣል። የመጀመሪያው ዓምድ አይነካም፤ በባለይዞታዋ ደብተር ላይ ያለው አጻጻፍ እርሱ ነውና።