ሁለት ወረቀት፣ አንድ ገጽ

አሜሪካ የተጻፈ ሰነድ አዲስ አበባ ሲታተም ገጹ ለምን ይንሸራተታል? እኔ ደብዳቤና ውል የሚያትም ሶፍትዌር የምሠራ ሰው ስለሆንኩ ጥያቄው ብዙ ጊዜ ይገጥመኛል። ነገሩ የሚጀምረው ግን ኮምፒውተር ከመፈጠሩ በፊት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1786 ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ጌኦርግ ክሪስቶፍ ሊችተንበርግ ለወዳጁ ለዮሐን ቤክማን ደብዳቤ ጻፈ። ቁመቱ የወርዱን 1.414 እጥፍ (ማለትም የ2ን ስኩዌር ሩት) የሚያህል ወረቀት ለሁለት ሲታጠፍ፣ ግማሹም ያንኑ ቅርጽ ይይዛል ይላል። በ1922 ዋልተር ፖርስትማን ይህን ሐሳብ ይዞ የጀርመንን ደረጃ፣ ዲን 476ን አዘጋጀ። ስፋቱ አንድ ካሬ ሜትር ከሆነው ኤ0 ተነስታችሁ አራት ጊዜ ስታጥፉ ኤ4ን ታገኛላችሁ፦ 210 በ297 ሚሊ ሜትር። ዛሬ እኛን ጨምሮ አብዛኛው ዓለም የሚጠቀመው ይህንን ነው።

አሜሪካ ግን በልማድ የጸናውን ሌተር ይዛ ቀረች፦ 8 ተኩል በ11 ኢንች፣ ማለትም 215.9 በ279.4 ሚሊ ሜትር። የሚገርመው፣ የራሷ መንግሥት እንኳ ከ1921 ጀምሮ ለቢሮዎቹ ትንሽ አነስ ያለ፣ 8 በ10 ተኩል ኢንች የሆነ ወረቀት ይጠቀም ነበር። ወደ ሌተር የዞረው በ1980ዎቹ መጀመሪያ ነው።

እንግዲህ ኤ4 ከሌተር በወርድ 5.9 ሚሊ ሜትር ይጠባል፣ በቁመት ደግሞ 17.6 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። አንዱ በሌላው ውስጥ ሙሉ በሙሉ አይገባም። ችግሩ ሁሉ ከዚህ ይመጣል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ዋሽንግተን ያለ ማኅበር መተዳደሪያ ደንቡን በሌተር ጻፈ እንበል፤ ኅዳጉ በአራቱም በኩል አንድ ኢንች (2.54 ሴንቲ ሜትር) ነው። አዲስ አበባ ያሉት አባላት ፋይሉን ከፍተው የወረቀቱን መጠን ብቻ ወደ ኤ4 ቀየሩት። ኅዳጉ ስላልተነካ ጽሑፉ የሚያርፍበት ክልል በወርድ ጠበበ፣ በቁመት ረዘመ። መስመሮቹ ሌላ ቦታ ላይ ተሰበሩ፣ ገጾቹም ተከተሏቸው። በስልክ ስብሰባ ላይ አንዱ «ገጽ 9 ላይ ያለውን አንቀጽ እንሰርዝ» ሲል፣ እዚህ ገጽ 9 ላይ ያለው ሌላ አንቀጽ ነው። ድምፅ የሚሰጡት በተለያየ ነገር ላይ ይሆናል ማለት ነው።

ዋናው ነገር ይሄ ነው፦ ገጽን የሚቆርጠው ወረቀቱ ሳይሆን የጽሑፉ ክልል ነው። ስለዚህ ክልሉን ቆልፉና ልዩነቱን ኅዳጉ ይሸከመው። የማኅበሩ ሰነድ ክልል 215.9 ሲቀነስ 50.8፣ ማለትም 165.1 ሚሊ ሜትር ወርድ አለው፤ ቁመቱ በተመሳሳይ ስሌት 228.6 ነው። ኤ4 ላይ በወርድ 44.9 ይተርፋል፤ ግራውን 2.25፣ ቀኙን 2.24 ሴንቲ ሜትር አድርጉት። ሁለቱንም 2.25 ብትሉ ክልሉ በአንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር ይጠባል፤ አፍ አፉ የሞላ መስመር ለመሰበር ይቺ ትበቃዋለች። በቁመት 68.4 ይተርፋል፤ ላይና ታች 3.42 ይደርሳቸዋል። የገጽ ቁጥሩ ከወረቀቱ ጠርዝ 1.27 ከነበረ 2.15 አድርጉት፤ ያኔ ከጽሑፉ ያለው ርቀት አይለወጥም።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁም ገጹ ከተንሸራተተ ፎንቱን ተጠራጠሩ። በኒያላ የተጻፈ ሰነድ ኒያላ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ በሌላ ፎንት ይተካል፤ የፊደሉ ወርድና የመስመሩ ከፍታ ስለሚለያይ የኅዳግ ስሌት አያድነውም። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ የየገጹን የመጨረሻ ቃል ከዋናው ጋር አስተያዩ።

ፋይሉ ፒዲኤፍ ከሆነ የገጹ አቆራረጥ አይለወጥም፣ አደጋው መቆረጥ ነው። ከሌተር ወደ ኤ4 በ«Actual size» ስታትሙ ከየጎኑ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ባዶ ኅዳግ ብቻ ይቀራል። በተቃራኒው ከኤ4 ወደ ሌተር ግን ከላይም ከታችም 8.8 ሚሊ ሜትር ይሄዳል። ከጠርዝ 12.7 ላይ የነበረ የገጽ ቁጥር አሁን 3.9 ላይ ያርፋል፤ ብዙ ፕሪንተሮች እዚያ ድረስ ስለማያትሙ ቁጥሩ ይቆረጣል። «Fit» ብትሉ ምንም አይቆረጥም፣ ግን ሁሉ ነገር ወደ 94 በመቶ ያንሳል። ለደንብ ችግር የለውም፤ በማስመሪያ ለሚለካ ፕላን ግን ልኬቱን ያበላሸዋል።

የኢንተርኔት ደንቦች የሚጻፉባቸው የቆዩ ሰነዶች፣ አርኤፍሲ የሚባሉት፣ በ1993ቱ መመሪያቸው አንድ ገጽ ከ58 መስመር፣ አንድ መስመርም ከ72 ፊደል እንዳይበልጥ ይወስኑ ነበር። በተለመደው የፕሪንተር አጻጻፍ፣ ኢንች ላይ 6 መስመር ሲሆን፣ 58 መስመር 245.5 ሚሊ ሜትር ነው። ሌተርም ኤ4ም ይችሉታል። ለሁለቱም አገር የሚሄድ አዲስ ሰነድ የሚጀምር ሰውም እንዲሁ ያድርግ፤ ወርዱን ከኤ4፣ ቁመቱን ከሌተር ወስዶ፣ 210 በ279.4 በሆነ ምናባዊ ወረቀት ላይ ይጻፍ።